መዘግየቱን ካወቁት ለምን ቀድመው አይወስኑም?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ፌድ ወለድ ሲጨምር በነበረ ጊዜ ዜናው ሁሉ የገንዘብ ፖሊሲ ረጅምና ተለዋዋጭ መዘግየት አለው ይል ነበር። ግራ የገባኝ እዚህ ጋ ነው። መዘግየት እንዳለው ካወቁ ያን ያህል ወር ቀድመው ቢወስኑ ነገሩ አያልቅም? አገር ቤትስ ብሔራዊ ባንክ ይሄ ችግር አለበት?»

መልስ፦

መዘግየቱ ሁልጊዜ እኩል ቢሆን ኖሮ ያልከው ይሠራ ነበር። ዛሬ የተጨመረ ወለድ ልክ በ12ኛው ወር ዋጋ ላይ ይደርሳል እንበል። ያኔ ለማዕከላዊ ባንኩ የሚቀረው ሥራ የዛሬ ዓመት ኢኮኖሚው ምን እንደሚመስል መገመት ነው። ከባድ ነው፣ ግን ይሞከራል። እውነታው እንዲህ አይደለም። አንዱ ውሳኔ በስድስት ወር ይሰማል፣ ሌላው ሁለት ዓመት ይፈጃል። የትኛው የቱ እንደሆነ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን ባለሙያዎች ይከራከሩበታል።

ነገሩን በአሳብ ብቻ ከማውራት ከ2021 እስከ 2024 አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ይዘን እንሂድ። አንተም እዚያው ስለነበርክ ኪስህ ያውቀዋል። ዓመቶቹን፣ ወሮቹንና ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ መዘግየቱን ለሁለት እንክፈለው። የውስጥ መዘግየት የሚባለው ችግሩ ከተፈጠረበት ጊዜ አንስቶ ማዕከላዊ ባንኩ እርምጃ እስኪወስድ ያለው ነው። የውጭ መዘግየት ደግሞ እርምጃው ከተወሰደ በኋላ የሰዉ ወጪ፣ የድርጅቱ ቅጥር፣ በመጨረሻም ዋጋ እስኪለወጥ ያለው ነው። የውስጡ በራሱ ሁለት ደረጃ አለው። ችግር መኖሩን ማወቅ አለ፣ ካወቁ በኋላ መወሰን አለ።

በ2021 ጥር የአሜሪካ ዓመታዊ የዋጋ ንረት 1.4 በመቶ ነበር። ሚያዝያ ላይ 4.2 ደረሰ። ይሄን ያየ ሰው «አሁኑኑ ወለድ ጨምሩ» ሊል ይችላል። የሚያዝያውን ቁጥር ግን ገለጥ አድርገህ እየው። ያገለገለ መኪና ዋጋ በዚያች አንድ ወር ብቻ 10 በመቶ ጨምሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ቺፕ ጠፍቶ አዲስ መኪና አይመረትም፣ ኮቪድ ላይ መኪናቸውን የሸጡ አከራዮች ደግሞ መልሰው ይገዛሉ። በዚያ ላይ ንጽጽሩ የሚሠራው ሁሉም ነገር ተዘግቶ ዋጋ ወርዶ ከነበረበት ከ2020 ሚያዝያ ጋር ነው። እንዲህ ያለ ንረት በራሱ ይበርዳል ብሎ ማሰብ ያን ጊዜ የሞኝ አሳብ አልነበረም። ፌድም ያሰበው እንደዚያ ነው፣ «ጊዜያዊ ነው» አለ።

ሊቀ መንበሩ ጄሮም ፓወል ያቺን ቃል የምንተውበት ጊዜ ሳይደርስ አልቀረም ያሉት በ2021 ኅዳር 30 ነው። የዋጋ ንረቱ ያኔ 7 በመቶ ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው። ከሚያዝያ እስከ ኅዳር ሰባት ወር ገደማ ነው። ይሄ ሁሉ ጊዜ የሄደው ችግሩ ያልፋል ወይስ ይቆያል የሚለውን በማጣራት ነው።

አንተ «ቀድመው ይገምቱ» ትላለህ። ገምተው ነበር እኮ። በ2020 ታኅሣሥ የፌድ ኃላፊዎች ለ2021 የተነበዩት የዋጋ ንረት፣ እነሱ በሚመርጡት መለኪያ፣ 1.8 በመቶ ነበር። የሆነው ከ5 በመቶ በላይ ነው። በ2021 መጋቢት ላይ ደግሞ አብዛኞቹ እስከ 2023 መጨረሻ ወለድ አንጨምርም ብለው ያስቡ ነበር። እነዚህ ሰዎች ዳታ አላጡም፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢኮኖሚስቶች ይሠሩላቸዋል። ቀድሞ መወሰን ማለት በትንበያ ላይ መወሰን ነው። መዘግየቱ በረዘመ ቁጥር ትንበያው ሩቅ ይሄዳል፣ ሩቅ የሄደ ትንበያ ደግሞ ይሳሳታል።

በሌላ አቅጣጫም ተሳስተው ያውቃሉ። አሜሪካ በ2007 ታኅሣሥ ወደ ኢኮኖሚ ድቀት ገብታለች። ይሄን በይፋ የሚያስታውቀው የባለሙያዎች ኮሚቴ ግን የተናገረው በ2008 ታኅሣሥ 1 ነው፣ አንድ ዓመት ሙሉ ቆይቶ። በ2008 ነሐሴ የፌድ ኮሚቴ ሲሰበሰብ ድቀቱ ስምንት ወር ሆኖታል። ኮሚቴው ግን ነዳጅ ስለተወደደ ስለ ዋጋ ንረት ይጨነቅ ነበር፣ ወለዱንም ሳይነካ 2 በመቶ ላይ ተወው። መስከረም 16፣ ትልቁ የኢንቨስትመንት ባንክ ሌማን ብራዘርስ ኪሳራውን ባወጀ ማግስት፣ እንደገና ተሰበሰበ። አሁንም አልነካውም። ዛሬ ሲታይ ያስገርማል። እነሱ ፊት የነበረው ወረቀት ላይ ግን ነገሩ እንዲህ ግልጽ አልነበረም፤ የምርት ቁጥሮች ሩብ ዓመት ካለቀ በኋላ ይመጣሉ፣ ከመጡም በኋላ ደጋግመው ይታረማሉ።

ወደ 2021 ልመልስህ። ችግሩ ከታወቀ በኋላስ ለምን እስከ 2022 መጋቢት ጠበቁ? ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል፣ እኔ ግን ትልቅ ትምህርት አለበት ባይ ነኝ። የፌድ ኮሚቴ በዓመት ስምንት ጊዜ ይሰበሰባል። ዛሬ ከሰዓት የወሰነው ወለድ ነገ ሥራ ላይ ይውላል። ስለዚህ ከወሰነ በኋላ የሚያዘገየው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ያዘገየው የገባው ቃል ነው። ፌድ በወር 120 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ይገዛ ነበር። ግዢውን ቀስ በቀስ እንደሚያቆም፣ ወለድ የሚጨምረውም ግዢው ካለቀ በኋላ እንደሆነ ለገበያው ነግሯል። ቃሉን በአንድ ጀንበር ቢያጥፍ ቦንድ ገበያው ሊናጥ ይችላል፣ ከዚያ በኋላ የሚናገረውንም የሚያምነው የለም። ስለዚህ ግዢውን ኅዳር ላይ መቀነስ ጀመረ፣ ታኅሣሥ ላይ አፈጠነው፣ መጋቢት ላይ ጨረሰ። መጋቢት 16 የመጀመሪያዋን ሩብ ነጥብ፣ ማለትም 0.25 የመቶኛ ነጥብ፣ ወለዱ ላይ ጨመረ። የየካቲቱ ንረት 7.9 በመቶ ነበር። አስበው፤ ንረቱ ወደ 8 በመቶ እየተጠጋ ማዕከላዊ ባንኩ ገና ቦንድ እየገዛ ነበር።

በነገራችን ላይ ይሄ ከመንግሥት በጀት ጋር ሲወዳደር አጭር ነው። ግብር መቀነስ ወይም ወጪ መጨመር ኮንግረስ ክርክር ውስጥ ወራት ይቀመጣል። የ2009 ትልቁ የማነቃቂያ ሕግ የጸደቀው በየካቲት ነው፣ ድቀቱ ያበቃው በዚያው ዓመት ሰኔ። ገንዘቡ ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሲወጣ ነበር። በጀት ከውስጥ ይዘገያል፣ አንዴ ገንዘቡ ሰው እጅ ከገባ ግን ቶሎ ይሰማል። ገንዘብ ፖሊሲ በተቃራኒው ከውስጥ ይፈጥናል፣ ከውጭ ይንቀረፈፋል።

እንግዲህ ወደ ውጭው እንሂድ። ፌድ በቀጥታ የሚቆጣጠረው ባንኮች ለአንድ ሌሊት የሚበዳደሩበትን ወለድ ነው። አንተና እኔ በዚያ ወለድ አንበደርም። ስለዚህ ውሳኔው እኛ ጋ እስኪደርስ ብዙ እጅ ይቀባበለዋል።

የመጀመሪያው ቅብብሎሽ በጣም ፈጣን ነው፤ አንዳንዴ ከውሳኔው ይቀድማል። የቦንድ ነጋዴ ፌድ ነገ ምን እንደሚያደርግ ገምቶ ዛሬ ይሸጣል። የሁለት ዓመቱ የመንግሥት ቦንድ በ2021 ክረምት ወደ 0.2 በመቶ ገደማ ይከፍል ነበር። በ2022 መጋቢት መጨረሻ ከ2 በመቶ በላይ ሆነ። ፌድ እስከዚያ የጨመረው አንድ ጊዜ፣ ያውም ሩብ ነጥብ ብቻ ነው። የ30 ዓመት ሞርጌጅም በ2021 መጨረሻ 3 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2022 ሰኔ ወደ 6 ተጠጋ። የፌድ ቦርድ አባል ክሪስቶፈር ዎለርን የመሰሉ ሰዎች «መዘግየቱ ድሮ እንደሚባለው አይደለም፣ አጥሯል» የሚሉት ይሄን ይዘው ነው። ማዕከላዊ ባንክ የሚያስበውን አስቀድሞ ሲናገር ገበያው ቀድሞ ይሠራለታል። ግማሽ መንገዱን በተመለከተ እውነት አላቸው።

ሌላው ግማሽ ግን እዚህ ነው። 400 ሺህ ዶላር ለ30 ዓመት የተበደረ ሰው በ3 በመቶ ወለድ በወር የሚከፍለው 1,686 ዶላር ገደማ ነው። ያንኑ ገንዘብ በ7 በመቶ የሚበደር ሰው 2,661 ዶላር ገደማ ይከፍላል። የአንድ ሺህ ዶላር ገደማ ልዩነት ማለት ነው። አዲስ ገዢ ላይ ፖሊሲው ወዲያው ደረሰ፤ ቤት መግዛቱን ተወ። በ2021 የገዛው ጎረቤቱ ግን ዛሬም 1,686 ነው የሚከፍለው። የእሱ ወርሃዊ ወጪ በአንድ ሳንቲም አልተነካም፤ እንደ ድሮው ይበላል፣ እንደ ድሮው ይዝናናል። ይባስ ብሎ ቤቱን አይሸጥም፣ ምክንያቱም ሌላ ቤት ሲገዛ ያቺን 3 በመቶ ያጣታል። ስለዚህ ለገበያ የሚቀርበው ቤት ቀነሰ። ወለድ ሲጨምር የቤት ዋጋ ይወርዳል ብለው የጠበቁ ብዙ ሰዎች ቁጭ ብለው የቀሩት በዚህ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ አብዛኛው የቤት ብድር ወለዱ የሚታሰረው ለሁለት ወይም ለአምስት ዓመት ነው። ጊዜው ሲያልቅ በአዲሱ ወለድ ይታደሳል። ስለዚህ የእንግሊዝ ባንክ ወለድ ሲጨምር ውጤቱ ኮንትራታቸው ባለቀ ቁጥር በየተራ ሰው ላይ ይወርዳል። ኖርዌይ ውስጥ አብዛኛው ብድር ወለዱ ተንሳፋፊ ስለሆነ በወራት ውስጥ ይሰማል። አንዱን ውሳኔ ሦስት አገር ውሰደው፣ ሦስት ዓይነት መዘግየት ታገኛለህ። አሜሪካ ውስጥ ራሱ ጊዜው ይለያያል። በ2020 እና 2021 ሚሊዮኖች የድሮ ብድራቸውን በርካሽ ወለድ ስላደሱ፣ በ2022 የመጣው ጭማሪ ከቀደሙት ይልቅ ሰው ላይ ቀስ ብሎ ደረሰ። መዘግየቱ ተለዋዋጭ የሚሆነው እንዲህ ነው። ውሳኔው ሲመጣ ሰዉ በምን ዓይነት ውል ታስሮ እንደተገኘ ይወስነዋል።

ውጤቱ ደግሞ በእኩል አይንጠባጠብም። አንዳንዴ ተጠራቅሞ በአንድ ቀን ይፈነዳል። ሲሊከን ቫሊ ባንክ በርካሹ ዘመን የረጅም ጊዜ ቦንድ ገዝቶ ነበር። ወለድ ሲጨምር የቦንዶቹ ዋጋ ወረደ። ለወራት ይሄ ኪሳራ ሒሳብ መዝገብ ላይ ተቀምጦ ማንንም ሳያስደነግጥ ቆየ። በ2023 መጋቢት አስቀማጮች ገንዘባቸውን ለማውጣት ሲሽቀዳደሙ ባንኩ በሁለት ቀን ወደቀ። ያ ምት የ2022 ውሳኔዎች ውጤት ነው። ግን ማንም «በ12ኛው ወር ይሄ ይሆናል» ብሎ ሊያሰላው አይችልም ነበር።

አሁን ብዙ ሰው ያሳስታል ብዬ የማስበውን ላንሳ፣ የቤት ኪራይን። የዋጋ ንረቱን መለኪያ አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚይዘው የመኖሪያ ቤት ወጪ ነው። የዋጋ መረጃ የሚሰበስበው መሥሪያ ቤት አንድን ቤት የሚጠይቀው በየስድስት ወሩ ነው። ተከራዩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ፈርሟል። ስለዚህ ዛሬ ለአዲስ ተከራይ የሚጠየቀው ዋጋ ቢበርድ፣ ይፋው ቁጥር ላይ የሚታየው ዘግይቶ ነው። የአዲስ ኪራይ ጭማሪ በ2022 ፍጥነቱን መቀነስ ጀምሮ ነበር። ይፋው የመኖሪያ ቤት ቁጥር ግን መውጣቱን ቀጠለ፤ ጣሪያ የነካው በ2023 መጋቢት በ8.2 በመቶ ነው። በ2023 ሰኔ ጠቅላላ ንረቱ ከዓመት በፊት ከነበረበት 9.1 ወደ 3 በመቶ ወርዷል። የመኖሪያ ቤቱን ወጪ ብታወጣው የቀረው ከ1 በመቶ በታች ነበር። ይሄን ስታይ ፌድ በ2023 ሐምሌ የጨመራት የመጨረሻዋ ሩብ ነጥብ አስፈላጊ ነበረች ወይ ብለህ ብትጠይቅ አልፈርድብህም። የሚከራከረው ወገን ግን አገልግሎት ዋጋና ደሞዝ ገና አልበረደም ይልሃል፣ ነዳጅ የወረደው በፌድ አይደለም ይልሃል። እሱም እውነት አለው። መዘግየቱን በትክክል መለካት የማይቻለውም በዚህ ነው። ወለዱ ሲሠራ ሌላውም አብሮ ይሠራል፤ ነዳጁ፣ መርከቡ፣ ጦርነቱ። ከ9.1 ወደ 3 ከወረደው ስንቱ የማን ሥራ እንደሆነ ለይቶ የሚነግርህ ቁጥር የለም።

ይሄ ሁሉ ማረጋጋቱን እንዴት እንደሚያበላሽ በትንሽ ስሌት ላሳይህ። ቁጥሮቹ የኔ ፈጠራ ናቸው፤ ለማሳየት ብቻ። ዒላማው 2 በመቶ ነው። አንድ ድንገተኛ ግፊት መጣና ንረቱን 6 አደረሰው። ማንም ባይነካው በየሩብ ዓመቱ 6፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2 እያለ በራሱ ይወርዳል፣ ከዚያ 2 ላይ ይቆማል። ማዕከላዊ ባንኩ ግን ይሄን አያውቅም። ንረቱ ከ3 በላይ እስከሆነ ድረስ በየሩብ ዓመቱ አንድ ነጥብ ይጨምራል። እያንዳንዱ ነጥብ ንረቱን በግማሽ ነጥብ ይቀንሳል፣ ግን ከአራት ሩብ ዓመት በኋላ።

ባንኩ በመጀመሪያዎቹ አራት ሩቦች አራት ነጥብ ይጨምራል። በነዚያ አራት ሩቦች ምንም ውጤት አይታይም፤ የሚታየው ንረት ልክ ያለ ፖሊሲ እንደሚሆነው ነው። በአምስተኛው ሩብ የመጀመሪያው ጭማሪ ይደርሳል፣ ንረቱ ከ3 ወደ 2.5 ይወርዳል። ባንኩ «ተሳካልን» ብሎ ያቆማል። በስድስተኛው ንረቱ 1 ይሆናል። በሰባተኛው 0.5። በስምንተኛው ዜሮ። አስተውል፤ ባንኩ ከቆመ በኋላ እንኳ የተላኩት ሦስት ምቶች ገና በመንገድ ላይ ነበሩ። በስድስተኛው ሩብ ደንግጦ ወለድ ቢቀንስ፣ ቅነሳው የሚደርሰው በአሥረኛው ነው። ያኔ ኢኮኖሚው ምን እንደሚፈልግ ማን ያውቃል? ችግሩን ሊያጠፋ የተላከ መድኃኒት ችግሩ ካለፈ በኋላ ደርሶ አዲስ ችግር ሆነ።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ግፊቱ በራሱ የማይበርድ ቢሆንና ባንኩ «ቆይ እናጣራ» ብሎ ቢጠብቅ፣ ንረቱ ሰው አእምሮ ውስጥ ገብቶ ደሞዝና ኪራይ ላይ ይሰፍራል። 2021ን የሚመስለው ይሄኛው ነው። ባንኩ በመጀመሪያው ሩብ ላይ ቆሞ ሁለቱን ዓለም መለየት አይችልም።

ኢኮኖሚስቱ ሚልተን ፍሪድማን ይሄን ነገር ከማንም በላይ አጥብቆ የያዘ ሰው ነው። ረጅምና ተለዋዋጭ የሚለው አነጋገርም ከእሱ ጋር የታወቀ ነው። የአሜሪካን ታሪክ ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሲመረምር፣ የገንዘብ ዕድገት ጣሪያ ከነካበት ጊዜ አንስቶ ኢኮኖሚው ጣሪያ እስኪነካ በአማካይ 16 ወር ያህል አገኘ። አማካዩ ግን ብዙም አይጠቅምህም። በተናጠል ሲታይ ከ6 ወር እስከ 29 ወር ይደርስ ነበር። በ6 እና በ29 መካከል የሚዋልል ነገር ላይ ቀጠሮ መያዝ አይቻልም።

በ1953 ባሳተመው ጽሑፉ ደግሞ አንድ ቀላል ሒሳብ አስቀመጠ። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ከተጻፈው ሁሉ የምወደው እሱን ነው። X ኢኮኖሚው በራሱ የሚዋዥቀው ይሁን። Y ፖሊሲው የሚያመጣው ለውጥ ይሁን። ρ በሁለቱ መካከል ያለው ኮሪሌሽን ነው፣ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ ይለካል። Var የመዋዠቁ መለኪያ ነው፣ σ ደግሞ የእሱ ካሬ ሥር። ጠቅላላ መዋዠቁ እንዲህ ይሆናል፦

```
Var(X + Y) = Var(X) + Var(Y) + 2ρ·σ(X)·σ(Y)
```

X እና Y መጠናቸው እኩል፣ ሁለቱም 1 ይሁኑ። ፖሊሲው ሁልጊዜ በሰዓቱና በትክክለኛው አቅጣጫ ቢደርስ ρ ከዜሮ በታች 1 ይሆናል፣ መዋዠቁም ይጠፋል። አሁን መዘግየቱ ስለሚለዋወጥ ፖሊሲው ግማሹን ጊዜ ልክ ግማሹን ጊዜ ስህተት ሆኖ ይድረስ። ρ ዜሮ ነው። ብዙ ሰው «ልኩና ስህተቱ ይጣፋል፣ ጉዳት የለውም» ብሎ ይገምታል። ሒሳቡን ሥራው፤ 1 ሲደመር 1፣ ሁለት። ኢኮኖሚው ፖሊሲ ባይኖር ከሚዋዥቀው እጥፍ ይዋዥቃል። ρ ከዜሮ በታች 0.5 ቢሆንስ? ፖሊሲው ብዙውን ጊዜ በትክክለኛው አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ውጤቱ ግን 1 ነው። ያ ሁሉ ድካም ምንም አልጨመረም፣ ምንም አልቀነሰም። በሙሉ መጠን የሚሰጥ ፖሊሲ የሚጠቅመው ከዚያ በላይ ትክክል ሲሆን ብቻ ነው።

ይሄው ሒሳብ መውጫውንም ያሳያል። ያው ρ ከዜሮ በታች 0.5 ሆኖ፣ የፖሊሲውን መጠን በግማሽ ቀንሰው። 1 ሲደመር 0.25፣ ሲቀነስ 0.5፣ 0.75 ይመጣል። አሁን መዋዠቁ በሩብ ቀነሰ። ስለ ሰዓቱ እርግጠኛ ካልሆንክ ትንሽ መስጠት ብዙ ከመስጠት ይሻላል ማለት ነው። ኢኮኖሚስቱ ዊሊያም ብሬናርድ በ1967 ከሌላ በኩል መጥቶ ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። የመሣሪያህን ኃይል በትክክል ካላወቅህ በትንሽ በትንሹ ተጠቀምበት። ማዕከላዊ ባንኮች ሩብ ነጥብ የሚወዱት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ፍሪድማን ግን ከዚህ አልፎ ማስተካከሉን ጨርሶ ተዉት፣ ገንዘቡን በየዓመቱ በቋሚ መጠን ብቻ አሳድጉ እስከ ማለት ሄደ። እዚያ ድረስ አልከተለውም። የገንዘብ ፍላጎት ራሱ ይናወጣል፣ በ1980ዎቹ ገንዘብ ቆጥሮ መምራት ያልሠራውም በዚህ ነው።

ለትንሽ በትንሹም ወሰን አለው። በ2022 ፌድ ሰው የዋጋ ንረትን ይለምደዋል ብሎ ፈራ። ያ ከሆነ መዘግየቱ ራሱ ይረዝማል፣ ምክንያቱም ዋጋና ደሞዝ የሚወስኑ ሰዎች ከፌድ ንግግር ይልቅ ያለፈውን ዓመት ያያሉ። ስለዚህ ከሰኔ እስከ ኅዳር አራት ጊዜ ተከታትሎ በእያንዳንዱ ጊዜ ሦስት ሩብ ነጥብ ጨመረ። ከዚያ በኅዳር 2 መግለጫው ላይ እስካሁን የተጠራቀመውን ጭማሪና ፖሊሲው የሚዘገይበትን ጊዜ እንደሚያስብበት ጻፈ። በታኅሣሥ ወደ ግማሽ ነጥብ፣ በ2023 የካቲት ወደ ሩብ ወረደ። በሐምሌ በ5.25 እና በ5.50 በመቶ መካከል ላይ ቆመና እስከ 2024 መስከረም 18 ድረስ ዓመት ከአንድ ወር በላይ አልነካውም። ያ ዝምታ ፖሊሲ አልነበረም ብለህ እንዳታስብ። በመንገድ ላይ ያለውን ምት መጠበቅ ነው። በዚያ መሃል ሥራ አጥነቱ በ2023 ሚያዝያ ከነበረበት 3.4 በመቶ ቀስ እያለ በ2024 ሐምሌ 4.3 ደረሰ። በመስከረም አንድ ጊዜ ግማሽ ነጥብ የቀነሱት ሥራ ገበያው ሲበርድ እስኪያዩ ከጠበቁ እንደሚዘገዩ ስለገባቸው ነው።

አገር ቤትን በተመለከተ፣ አዎ፣ አለ፤ ቅርጹ ግን ሌላ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2023 ነሐሴ ባንኮች ብድራቸውን በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ ጣሪያ አደረገባቸው። በ2024 ሐምሌ ደግሞ ወደ ወለድ መር ፖሊሲ ገብቶ መነሻውን ወለድ 15 በመቶ አደረገ። ሁለቱ መሣሪያዎች የሚዘገዩት በተለያየ መንገድ ነው። የብድር ጣሪያ ቅብብሎሽ አያስፈልገውም። ነጋዴው ባንክ ሲሄድ «ኮታችን አልቋል» ይባላል፣ በዚያው ወር ዕቃ ማስመጣቱን ይተወዋል። የወለድ ውሳኔ ግን ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ገበያና ዋጋው በገበያ የሚወሰን የመንግሥት ሰነድ ይፈልጋል። ይሄ ሁሉ አዲስ አበባ ውስጥ ገና ወጣት ነው። ከኒው ዮርክ የተገኘ የ12 ወይም የ18 ወር ግምት እዚህ አምጥቶ መለጠፍ አያስኬድም።

በዚያ ላይ የኛ የዋጋ መለኪያ ከግማሽ በላይ ምግብ ነው። የዋጋ ንረቱ በ2023 አጋማሽ 30 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2024 አጋማሽ ወደ 20 ገደማ ወረደ። ከዚህ ስንቱ የብድር ጣሪያው ነው፣ ስንቱ የመኸሩ ምርት ነው? ጤፍና ስንዴ ገበያ ሲገቡ ዋጋ ለወራት ይለዝባል፣ ክረምት ሲመጣ ይከርራል። ስለዚህ አንድ ሰው የታኅሣሥን ቁጥር ይዞ «ፖሊሲው ሠራ» ካለህ፣ ምግብ ነክ ያልሆነውን ለብቻው አውጥቶ እንዲያሳይህ ጠይቀው። ምግብ ያልሆነው ዕቃም ራሱ ብር ሲዳከም ከውጭ በሚገባው በኩል ይወደዳል፣ ስለዚህ የምንዛሬውን ለውጥ ቀን ጎኑ አስቀምጠህ ነው የምታነበው።